ግሩፑ ላይ ጻፍኩ፣ ሁሉም እሺ አለ፣ የሠራ ግን የለም፦ የድግስ ሥራ በቴሌግራም እንዴት ይከፋፈላል?

የሠርግ ወቅት ሲቃረብ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ደዋዩ ይለያያል፣ ጥያቄው ግን አንድ ነው። «ግሩፕ ከፈትን፣ የሚሠራውን ሁሉ ጻፍኩ፣ ሁሉም እሺ አለ። የሚንቀሳቀስ ሰው ግን የለም። ምን ብዬ ልጻፍ?» ይሉኛል። እኔን የሚጠይቁኝ በቤተሰባችን ድግስ ሁሉ ዝርዝር ያዥ ስለሆንኩ ነው። ከዚህ በፊት በስልክ ሳስረዳ የቆየሁትን አሁን በጽሑፍ ላስቀምጠው።

ስህተቱን መጀመሪያ የሠራሁት እኔው ነኝ። አንድ ጊዜ ለሠርግ «የወንበሩ ነገር ከወዲሁ ቢታሰብበት ጥሩ ነው» ብዬ ጻፍኩ። 14 ሰው የአውራ ጣት ምልክት አደረገበት። ቅዳሜ ማታ ድንኳኑ ተተክሎ ቆሟል፣ ወንበር የለም። ማንም አልዋሸም። ሁሉም በእርግጥ አስበውበት ነበር፤ እኔም የጠየቅኩት እንዲያስቡበት ነበር።

በዚህ መመሪያ የምንከተለው አንድ ሥራ ብቻ ነው፦ ለሠርግ የእድር ዕቃ ማስመጣት። ሌላውም ሥራ በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ስሞቹ የምሳሌ ስሞች ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ወረቀትና እስክሪብቶ። ዝርዝሩ መጀመሪያ የሚወጣው ወረቀት ላይ ነው፣ ግሩፑ ላይ አይደለም።
- የኢትዮጵያና የፈረንጅ ቀን ጎን ለጎን ያለበት ካላንደር።
- የየሰዉ ስልክ ቁጥርና የሚደወልበት ካርድ። ይሄኛውን አትዝለሉት፤ ከመጻፉ በላይ ሥራ የሚሠራው መደወሉ ነው።
- ግሩፑ ላይ አድሚን መሆን ወይም መልእክት ፒን የማድረግ ፈቃድ።

1. ሥራውን ወረቀት ላይ ቆራርጡት

«ወንበር ማምጣት» አንድ ሥራ ይመስላል። አይደለም። የእኛ እድር ዕቃ የሚያወጣው አባሉ ራሱ መጥቶ ሲፈርም ብቻ ነው። ስለዚህ መኪና ይዞ የሄደ ልጅ፣ አባል ካልሆነ፣ ባዶውን ይመለሳል። መፈረሙ አንድ ሥራ ነው። መኪና መከራየቱ ሌላ ነው። ቆጥሮ መረከቡ ሌላ። ሰኞ መመለሱ ደግሞ ሌላ፣ እሱንም ሁሌ የሚረሳው ሰው ብዙ ነው።

የት ላይ መቁረጥ እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ ቀላል ጥያቄ አለ፦ ይሄን ሁሉ አንድ ሰው በአንድ ጉዞ ሊጨርሰው ይችላል? የማይችል ከሆነ ሁለት ሥራ ነው። ጋሽ ታደሰ የእድሩ አባል ናቸው፣ ግን 200 ወንበር አይሸከሙም። ብሩክ ይሸከማል፣ ግን መፈረም አይችልም። ስለዚህ ለየብቻ ይጻፋል።

ከእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ ደግሞ ማለቁ በምን እንደሚታወቅ ጻፉ። «መኪና ማነጋገር» መቼም አያልቅም፤ ሰው ለሦስት ቀን ሲያነጋግር ሊከርም ይችላል። «ለአይሱዙው ቀብድ ተከፍሎ የሹፌሩ ስልክ ለእኔ ሲላክ» ግን ወይ ሆኗል ወይ አልሆነም።

2. ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ስም ብቻ

ሁለት ስም ከጻፋችሁ እያንዳንዳቸው ሌላኛው እንዳደረገው ያስባሉ። ተንኮል የለበትም፣ ሰው እንዲህ ነው። እጅ የሚያግዝ ሰው ካስፈለገ ባለቤቱ አንድ ይሁንና «ከማን ጋር እንደሚሄድ እሱ ይመርጣል» በሉ።

በተለይ «እነ» የምትባለውን ቃል ተጠንቀቁ። «እነ ብሩክ ያመጡታል» ስትሉ ብሩክ ራሱ ከነማን ጋር እንደተቆጠረ አያውቅም። «ልጆቹ»፣ «ወንዶቹ»፣ «የሙሽራው ወገን» የሚሉትም ያው ናቸው። ስም የለባቸውም።

3. ከመጻፋችሁ በፊት ደውሉ

ሰው ብዙ ጊዜ የሚዘለው ይሄንን ነው፤ ነገሩ የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። ያልተጠየቀ ሰው ስሙን ግሩፕ ላይ ካየ ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀረዋል። ወይ በዘመድ ሁሉ ፊት «አልችልም» ይላል፣ ወይ በይሉኝታ «እሺ» ይላል። አብዛኛው ሁለተኛውን ይመርጣል። እናንተም የያዛችሁት እሺታ የይሉኝታ ይሆናል፣ ቅዳሜ ጠዋት ላይ ይከዳችኋል።

ታላላቆች ላይ ደግሞ ይብሳል። ጋሽ ታደሰን ግሩፕ ላይ «ጋሽ ታደሰ ቅዳሜ ይፈርሙ» ማለት ከልጅ አፍ የወጣ ትእዛዝ ይመስላል። ይሄንን ስለምንፈራ ነው ሁላችንም «ቢፈረም» ወደሚለው የምንሸሸው። ቀድሞ መደወል ሁለቱንም ያድናል።

ሲደወል «ይችላሉ ወይ?» አትበሉ። መልሱ «አዎ ልጄ» ነው፣ ምንም አይነግራችሁም። ቀኑን ጥሩና ውሏቸውን ጠይቁ፦

— ጋሼ፣ ቅዳሜ ጥር 9 ጠዋት የት ይሆናሉ?
— ቅዳሜማ ለቅሶ አለብኝ፣ ሩቅ ነው።
— እድሩ ንብረት ክፍል ቅዳሜ እስከ 6 ሰዓት ብቻ ነው የሚከፈተው። ዓርብ ከሰዓትስ ከፍተው ያስፈርሙዎታል?
— ንብረት ክፍሉን እኔ አውቀዋለሁ፣ ዓርብ 10 ሰዓት ላይ እንዲቆየኝ እነግረዋለሁ።

«ይችላሉ ወይ?» ብል ኖሮ ለቅሶውን አልሰማም ነበር። ንብረት ክፍሉን እንደሚያውቁትም አላውቅም ነበር። ቀኑ ከቅዳሜ ወደ ዓርብ የመጣው በሁለት ደቂቃ ስልክ ነው።

4. ግሱን ባለቤት ስጡት

አማርኛ ደግ ቋንቋ ነው፤ ባለቤቱን ግሱ ውስጥ ይዞ ይሄዳል። «ያመጣል» ስትሉ አንድ ወንድ አለ፣ «ታመጣለች» ስትሉ አንዲት ሴት አለች። ግን ይሄንኑ ባለቤት የሚደብቁ መንገዶችም ሞልተውታል፣ ለትሕትና ስንል የምንጽፈው በእነሱ ነው። አንዱን ዓረፍተ ነገር ደረጃ በደረጃ እንየው።

«ወንበሩ ቢመጣ ጥሩ ነው።» ይሄ ምኞት ነው። «ቢ» ጨዋ ናት፣ ግን ሥራ አትይዝም።

«ወንበሩ ይምጣ።» ጠንከር አለ፣ ግን የሚመጣው ወንበሩ ራሱ ነው። የሚያመጣው ሰው የለበትም።

«ወንበሩን እናምጣ።» አሁን ሰው ገባ፣ ግን ሁላችንም ገባን። 40 ሰው ያለበት ግሩፕ ላይ «እናምጣ» ማለት ለ40 ሰው አርባኛ አርባኛ መስጠት ነው።

«አንድ ሰው ቢያመጣው።» አንባቢው ሁሉ ያ አንድ ሰው ሌላ ሰው እንደሆነ ያውቃል።

«ብሩክ ያምጣው።» ግልጽ ነው፣ ግን ትእዛዝ ነው። ለታናሽ ያስኬዳል፣ ለሌላው ይሻክራል።

«ብሩክ ያመጣዋል።» ትክክሉ ይሄ ነው። ደውላችሁ ስለተስማማችሁ፣ የምትጽፉት ትእዛዝ ሳይሆን ስምምነት ነው። የተቆረጠ ነገር እየተናገራችሁ ነው።

ለታላላቅ ደግሞ «ልን» የምትባለውን ጨምሩበት። «ጋሽ ታደሰ ይፈርማሉ» ሳይሆን «ጋሽ ታደሰ ይፈርሙልናል»። በዚህች ቃል ትእዛዙ ውለታ ይሆናል፤ ስማቸውም፣ ሥራውም፣ ሰዓቱም እንዳለ ይቀራል። ትሕትናና ግልጽነት አብረው አይሄዱም የሚሉኝን ሰዎች ሁሌ የማሳያቸው ይቺን ነው።

(እኔ እዚህ «እናንተ» እያልኩ እንደምጽፍ አስተውያለሁ። ለምክር ይሆናል። ለሥራ ግን «እናንተ» ማለት ማንም ማለት ነው።)

5. ጊዜውን አንድ ትርጉም ብቻ እንዲኖረው አድርጉ

ቀኑ ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ የሳምንቱ ቀን፣ የኛ ቀን፣ የፈረንጁ ቀን። «ቅዳሜ ጥር 16 (ጃንዋሪ 24)»። የሳምንቱ ቀን ስህተት ያጋልጣል፤ ቁጥሩን ብትሳሳቱ አንዱ «ቅዳሜ እኮ 15 አይደለም» ብሎ ያርማችኋል። የፈረንጁ ደግሞ ውጭ ላለው ዘመድና የቢሮ ካላንደር ለሚያይ ሰው ነው። «የሚመጣው ቅዳሜ» አትበሉ። ሐሙስ ላይ የተጻፈ «የሚመጣው ቅዳሜ» ለአንዱ ከነገ ወዲያ ነው፣ ለሌላው የሳምንቱ።

«እስከ ሐሙስ» የሚለውም ያምታታል። ሐሙስን ይጨምራል? ጠዋት ነው ማታ? «ሐሙስ ጥር 14 ከምሽቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ» ብትሉ ክርክሩ ያልቃል።

ሰዓት ላይ ከጠዋቱ፣ ከቀኑ፣ ከምሽቱ፣ ከሌሊቱ የሚለውን አትተዉ። «3 ሰዓት» ብቻውን ጠዋትም ማታም ነው። ዘመድ ውጭ አገር ካለ ደግሞ ሦስተኛ ትርጉም ይመጣል። ዋሽንግተን ያለችው ሂሩት «8 ሰዓት» የሚለውን ስታነብ የእጅ ሰዓቷን ነው የምታየው፤ እኛ ከቀኑ 8 ማለታችን ለእሷ 8:00 AM ሊሆንባት ይችላል። በዚያ ላይ በጥር ወር አዲስ አበባ ዋሽንግተንን በ8 ሰዓት ይቀድማል። እነሱ ሰዓታቸውን በሚቀይሩበት በበጋቸው ወራት ልዩነቱ 7 ይሆናል። ስለዚህ ለእሷ ሁለቱንም ጻፉላት፦ «በአዲስ አበባ ረቡዕ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በዋሽንግተን ረቡዕ 12:00 ቀትር»።

አደገኛው ግን ሌሊት ነው። «ቅዳሜ ሌሊት 10 ሰዓት ሥጋው ይመጣል» ቢባል፣ ዓርብ ተኝተን የምንነሳበት ሌሊት ነው ወይስ ቅዳሜ ተኝተን? ሁለቱንም የሚል ሰው አለ። ለዚህ ቋንቋችን ራሱ መድኃኒት አለው፣ «አጥቢያ»። «ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት» ብትሉ የሚሳሳት አይኖርም። አያቶቻችን ያለ ካላንደር ቀን ሲቆርጡ የተጠቀሙበት ቃል ነው፣ አሁንም ይሠራል።

አንድ ነገር ልጨምር። የምትጽፉት ሰዓት የድግሱ ሰዓት ሳይሆን ቀጥሎ ያለው ሰው ዕቃውን የሚፈልግበት ሰዓት ነው። ሠርጉ እሑድ ስለሆነ ሁሉም ዕቃ ቅዳሜ ይምጣ የሚል ሰው አለ። ብረት ድስቱ ግን ሐሙስ ያስፈልጋል፣ ሽንኩርቱ ሐሙስ ነዋ የሚቁላላው። ድስቱ ወንበሩን ጠብቆ ቅዳሜ ቢመጣ ወጥ ሠሪዎቹ ሁለት ቀን ቁጭ ይላሉ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሰዓት አጠገብ ምክንያቱን በአጭሩ ጻፉ። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ሲዘገይ ራሱ ይደውላል፤ ያላወቀ ሰው «ትንሽ ቢዘገይ ምን አለበት» ይላል።

6. መልእክቱን ጻፉ

የተጻፈ እንጂ የድምፅ መልእክት አይሁን። የ4 ደቂቃ ድምፅ ውስጥ ስሙን ፈልጎ የሚያዳምጥ ሰው የለም፣ ኋላም ተመልሶ የሚያገኘው የለም። ሰላምታውና ምስጋናው በሌላ መልእክት ይሂድ፤ ሥራው ለብቻው ይቁም። የየመስመሩ መጀመሪያ ስም ይሁን፣ ምክንያቱም ሰው ግሩፕ ላይ መጀመሪያ የሚፈልገው የራሱን ስም ነው።

እኔ መጀመሪያ የጻፍኩት ዓይነት ይሄ ነው፦

> ሰላም ቤተሰብ፣ እንደምን ናችሁ። እንደሚታወቀው ሠርጉ እየደረሰ ነው። ከእድር የሚመጡ ዕቃዎች ቶሎ ቢመጡ፣ መኪናም ቢፈለግ፣ ገንዘብም በቶሎ ቢላክ ጥሩ ነው። ሁላችንም እንረባረብ። እናመሰግናለን።

ሁሉም ትክክል ነው፣ የሚሠራ ግን የለበትም። ስልክ ከደወልኩና ወረቀቱን ከጨረስኩ በኋላ ደግሞ እንዲህ ይሆናል፦

> የእድር ዕቃ — ሠርጉ እሑድ ጥር 17 (ጃንዋሪ 25)
>
> ጋሽ ታደሰ — ዓርብ ጥር 8 (ጃንዋሪ 16) ከቀኑ 10 ሰዓት እድሩ ንብረት ክፍል ሄደው ይፈርሙልናል። ያለ አባል ፊርማ ዕቃ አይወጣም።
>
> ሂሩት — የመኪናውን ቀብድ ለአቤል ትልካለች። ረቡዕ ጥር 13 (ጃንዋሪ 21)፣ በአዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በዋሽንግተን 12:00 ቀትር ሳይሞላ።
>
> ብሩክ — 3 ብረት ድስት ሐሙስ ጥር 14 (ጃንዋሪ 22) ከጠዋቱ 3 ሰዓት እትዬ የሺ ቤት ያደርሳል። ሽንኩርቱ የሚቁላላው በዚያው ቀን ነው።
>
> አቤል — አይሱዙ ይከራያል። ቀብድ ከፍሎ የሹፌሩን ስልክ ሐሙስ ጥር 14 ከምሽቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ ይልክልኛል። መኪናው ቅዳሜ ጥር 16 (ጃንዋሪ 24) ከጠዋቱ 3 ሰዓት እድሩ በር ላይ ይቆማል፤ ንብረት ክፍሉ 6 ሰዓት ላይ ይዘጋል።
>
> ሰላም — ቅዳሜ እድሩ በር ላይ 200 ወንበርና 200 ሰሃን ቆጥራ ትረከባለች፣ የተሰበረውን ፎቶ ታነሳለች።
>
> ብሩክ — ሰኞ ጥር 18 (ጃንዋሪ 26) ከቀኑ 9 ሰዓት ሁሉንም ይመልሳል፣ ደረሰኙን ለጋሽ ታደሰ ይሰጣል።
>
> የሚቀየር ነገር ካለ ለእኔ ደውሉ። እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ቀንና ሰዓት ጽፋችሁ መልሱልኝ።

ከላይ ያለው የብሩክ ስም ሁለት ጊዜ መጥቷል። አንድ መስመር ላይ ባጨናንቀው ሐሙሱን ያስታውሳል፣ ሰኞውን ይረሳል። ስለዚህ ለያየሁት።

ስሙን ስትጽፉ `@` ብላችሁ ከሚወጣው ዝርዝር ምረጡት። ቴሌግራም ላይ ግሩፑን ድምፁን ያጠፋ ሰው እንኳ ስሙ እንዲህ ሲጠራ ማሳወቂያ ይደርሰዋል። ከዚያ መልእክቱን ነካ አድርጋችሁ `Pin` በሉት፣ ከሰላምታና ከስቲከር ጎርፍ በላይ እንዲቀመጥ።

7. «እሺ»ን እንደ መልስ አትቁጠሩ

በእኛ አነጋገር «እሺ» ብዙ ጊዜ «ሰማሁ» ማለት ነው። «አደርጋለሁ» ማለት የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ ግን ከውጭ አይለይም። የአውራ ጣት ምልክት ደግሞ ከእሺም ያነሰ ነው። «አብሽር»፣ «ችግር የለም»፣ «እናያለን» ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

ስለዚህ ሰዉ የራሱን ሥራ በራሱ ቃል ይጻፍ። አቤል «ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት መኪናው እድሩ በር ላይ» ብሎ ከመለሰ ያነበበ መሆኑን ታውቃላችሁ። «ቅዳሜ 9 ሰዓት» ብሎ ቢመልስ ደግሞ የፈረንጅ ሰዓት እንደሚያስብ ከአሁኑ ታያላችሁ፣ ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት። «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ወይም «ኢንሻአላህ» ያለ ሰው ላይ አትፍረዱ፣ ሰዓቱን ብቻ ጨምሮ እንዲጽፍ ጠይቁት።

ታላላቆችን ግን መልስ ጻፉ ብላችሁ አታስቸግሩ። ጋሽ ታደሰ በስልክ ነግረውናል፤ እኔው ከመልእክቱ በታች «ጋሽ ታደሰ ዓርብ 10 ሰዓት ብለውናል፣ እናመሰግናለን» ብዬ ጻፍኩ። ያው ሥራ ይሠራል።

በ24 ሰዓት ውስጥ ያልመለሰ ሰው ካለ ግሩፑ ላይ አትጠይቁት። ደውሉለት።

8. ከቀኑ በፊት አስታውሱ

ማስታወሻው የሚላከው ሥራው ከሚሠራበት ቀን አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ለባለቤቱ ብቻ፣ በውስጥ ነው። «ረሳህ ወይ?» አይሁን። «ብሩክዬ፣ ነገ 3 ሰዓት እትዬ የሺ በር ላይ ይጠብቁሃል» በቂ ነው። እንዳትረሱ ዛሬውኑ ጽፋችሁ ቀጠሮ ልታስይዙት ትችላላችሁ። የመላኪያዋን ቀስት ጫን አድርጋችሁ ስትይዙ `Schedule Message` የሚል ይመጣል። እዚያ የምትሞሉት በስልኩ ሰዓት ነው፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለስልኩ `09:00` ነው።

አንድ ነገር ከተቀየረ፣ ለምሳሌ አይሱዙው ከ3 ወደ 4 ሰዓት ከሄደ፣ የቆየውን መልእክት ዝም ብላችሁ አታርሙት። የታረመ መልእክት ለማንም አዲስ ማሳወቂያ አይልክም። ያየው ሰው የድሮውን ይዞ ይሄዳል። መጀመሪያ ለውጡ የሚነካውን ሰው (እዚህ ላይ ሰላምን፣ በር ላይ ቆማ የምትጠብቀው እሷ ናትና) ደውላችሁ ንገሯት። ከዚያ ሙሉውን ዝርዝር እንደ አዲስ ላኩ፣ የድሮውን ከፒን አውርዱ፣ አዲሱን ስቀሉ። ሁለት ዝርዝር አብሮ ከተሰቀለ አንዳቸውም የሉም ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

አንደኛው «ፈቃደኛ ማነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ቀላል ሥራ ላይ አምስት ሰው ይነሳል፣ ከባዱ ላይ ዝምታ ይሆናል፣ ሁሌም የሚያነሳውም ያው አንድ ልጅ ነው። ስም ይዛችሁ ግቡ።

ሁለተኛው ሁሉንም ሥራ በአንድ መልእክት መጨረስ ነው። የእድር ዕቃ፣ የወጡ ሥራ፣ የፎቶግራፍ አንሺው ጉዳይ አንድ ላይ ከመጣ ማንም እስከ መጨረሻው አያነብም። እኔ ከሰባት መስመር በላይ ከሆነብኝ እከፍለዋለሁ።

ሦስተኛው «ቶሎ» እና «በተቻለ ፍጥነት» ናቸው። ለአንዱ ዛሬ ነው፣ ለሌላው ከጥምቀት በኋላ።

አራተኛው የራስን ስም መርሳት ነው። ዝርዝር የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ የራሱን ሥራ አይጽፍም፣ ስለዚህ እሱ ምን እንደያዘ ማንም አያውቅም። ከታመመ ሥራው አብሮት ይተኛል።

ጥንቃቄ

ያልሠራን ሰው ግሩፕ ላይ አትውቀሱ። ወንበሩ ያኔም አይመጣም፣ ሰውየውም ከግሩፑ ይወጣል፣ ኋላ ለማስታረቅ ሽማግሌ ልታስልኩ ነው።

የባንክ ሒሳብ ቁጥር ትልቅ ግሩፕ ላይ አትለጥፉ፣ ለሚልከው ሰው በውስጥ ስጡት። የቴሌግራም አካውንታቸው የተሰረቀባቸው ሰዎች አሉ፣ ሌባውም በስማቸው ብር ይጠይቃል። አቤል በድንገት «ቀብዱን በዚህ ሌላ ቁጥር ላኪልኝ» ብሎ ቢጽፍ፣ ሂሩት ደውላ ድምፁን ሳትሰማ ምንም አትላክ። ይሄንን ገና ሥራው ሲከፋፈል ንገሯት።

ግሩፑ ላይ የሌለ ሰው ሥራ ከያዘ፣ ለምሳሌ እትዬ የሺ ስማርት ስልክ የላቸውም እንበል፣ የእሳቸውን መልእክት የሚያደርስ አንድ ሰው ስሙ ይጻፍ። «ይነገራቸው» አይበቃም። ማን ይነግራቸዋል?

ሥራው ሲያልቅ

ሰኞ ብሩክ ዕቃውን ሲመልስ ሰላም አብራው ትሂድ፣ ወይም ቅዳሜ የቆጠረችውን ቁጥር ትላክለት። 200 ወጥቶ 197 ከተመለሰ ሦስቱን የሚጠየቁት የፈረሙት ጋሽ ታደሰ ናቸው፣ ልጆቹ አይደሉም። የደረሰኙ ፎቶ ግሩፑ ላይ ይለጠፍ፣ የጎደለ ካለ ማን በስንት ቀን እንደሚተካው እንደ ሌሎቹ ሥራዎች በራሱ መስመር ይጻፍ፣ ያኔ ፒኑን አውርዱት።